ሁሉም ቻናል በሁሉም ገመድ ሲፈስ፦ የአይጂኤምፒ ስኑፒንግና የኩዌሪየር አሠራር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል እንውሰድ። ጣራው ላይ ዲሾች ተተክለዋል። ምድር ቤት ካለው ራክ ውስጥ ደግሞ ከዲሽ የመጣውን ምስል ወደ ኔትወርክ የሚቀይረው ሄድኤንድ ተቀምጧል። ይህ መሣሪያ 24 ቻናሎችን በመልቲካስት ይለቃል። 16ቱ ተራ ጥራት ያላቸው ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 4 ሜጋቢት ያህል ይወስዳሉ፤ 8ቱ ኤችዲ ናቸውና ለየራሳቸው 8 ሜጋቢት ያስፈልጋቸዋል። ሲደመር 128 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። በየክፍሉ ያለው የቴሌቪዥን ቦክስ ግን ባለ 100 ሜጋቢት ፖርት ነው ያለው።

ስዊቹ መልቲካስትን ለማን እንደሚሰጥ ካልተነገረው ለሁሉም ይሰጣል። ስለዚህ እንግዳው አንድ ቻናል ብቻ ቢከፍትም ወደ ክፍሉ በሚሄደው ገመድ 24ቱም ሊፈሱ ይሞክራሉ፤ 128 በ100 ውስጥ ስለማያልፍ ምስሉ ይቆራረጣል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው ብዙ ሰው ስላየ አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድም ቴሌቪዥን ባይከፈት ሄድኤንዱ መልቀቁን አያቆምምና ጎርፉ ያው ነው።

ከቴሌቪዥኑ በፊት የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ዋይፋዩ ነው። የዋይፋይ መሣሪያ መልቲካስትን የሚያሰራጨው በዝቅተኛው ፍጥነቱ ስለሆነ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ፍጥነቱ 1 ሜጋቢት ድረስ ሊወርድ ይችላል። አንድ ተራ ቻናል እንኳ አየሩን ሞልቶ ይተርፋል። እንግዳው «ኢንተርኔቱ ሞቷል» ብሎ ሲያማርር ባለሙያው የኢንተርኔት መስመሩን ሲፈትሽ ይውላል፤ መስመሩ ደግሞ ምንም አልሆነም።

መጀመሪያ ጎርፉን በዓይናችሁ እዩ

ምንም ሳትነኩ፣ ማንም ቻናል በማያይበት ባዶ ፖርት ላይ ላፕቶፕ ሰኩና ይህን አስኪዱ፦

```
sudo tcpdump -ni eth0 -c 20 'udp and net 239.0.0.0/8'
```

ላፕቶፑ ምንም ቻናል አልጠየቀም። ሃያዎቹ ፓኬቶች በቅጽበት ከታዩ ጎርፍ አለ ማለት ነው። ቀጥላችሁ በዚያው ፖርት ላይ ይህን ክፈቱ፦

```
sudo tcpdump -nvi eth0 igmp
```

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። የምትፈልጉት ወደ `224.0.0.1` የሚላክ `igmp query` የሚል መስመር ነው። ከመጣ የላኪውን አድራሻ ጻፉት፤ በኋላ እንፈልገዋለን። ካልመጣ ኔትወርኩ ላይ ኩዌሪየር የለም።

ኩዌሪየር ለምን ያስፈልጋል?

ስኑፒንግ ማለት ስዊቹ በቦክሶቹና በኔትወርኩ መካከል የሚሄደውን የአይጂኤምፒ መልእክት እያዳመጠ፣ የትኛው ፖርት የትኛውን ቻናል እንደጠየቀ መመዝገቡ ነው። ምዝገባው ግን ዘላለማዊ አይደለም። በዕድር ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ስም ሲጠራ «አለሁ» ያላለ እንደቀረ እንደሚቆጠረው፣ እዚህም በየጊዜው «ምን እያያችሁ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ መልስ ያልተሰማበት ፖርት ከመዝገቡ ይሰረዛል። ያ ስም ጠሪ ኩዌሪየር ይባላል። ቦክሱ ቻናል ሲከፍት አንድ ጊዜ በራሱ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ካልተጠየቀ ዝም ነው።

በመደበኛው አሠራር ጥያቄው በየ125 ሰከንዱ ይላካል፤ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ 10 ሰከንድ ነው፤ ስዊቹም ሁለት ዙር ያህል ይታገሳል። ሁለት ጊዜ 125 ሲደመር 10፣ 260 ሰከንድ ይሆናል፤ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር አስታውሱት፤ ምክንያቱም በጣም የተለመደውን ብልሽት የሚያጋልጠው እሱ ነው። ስኑፒንግ በርቶ ኩዌሪየር ከሌለ፣ ቻናል ሲከፈት ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ ቀጥ ይላል። እንግዳው ሌላ ቻናል ነክቶ ሲመለስ እንደገና ይሠራል፤ ከዚያ እንደገና ይቆማል። ባለሙያው መጥቶ ሁለት ደቂቃ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ሥራ አስኪያጁም «ቅድም ስናየው እኮ ይሠራ ነበር ወንድሜ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቴሌቪዥን ሁልጊዜ አራት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ የሚቆም ከሆነ ገመድ አትቀይሩ፣ ቦክስ አትቀይሩ፤ ኩዌሪየሩን ፈልጉ። አንዳንድ አምራቾች ሰዓቱን አሳጥረው ስለሚያስቀምጡት መቆሚያው ከዚህ ሊቀድም ይችላል፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ በእኩል ጊዜ መደጋገሙ ነው።

የቻናል አድራሻ መምረጥ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ግን ካልተስተካከለ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስዊቾች በ`224.0.0.x` ላይ ያለውን ሁሉ ሆን ብለው ለሁሉም ፖርት ይሰጣሉ፤ የኔትወርኩ የራሱ መልእክቶች የሚጓዙበት ነውና። ችግሩ ብዙ ስዊቾች ፓኬቱን የሚለዩት በአይፒ ሳይሆን በማክ አድራሻ መሆኑ ነው። የመልቲካስት አይፒ ወደ ማክ ሲቀየር የመጨረሻዎቹ 23 ቢቶች ብቻ ስለሚወሰዱ፣ 32 የተለያዩ አይፒዎች አንድ ማክ ይጋራሉ። `239.0.0.5` የሚል ቻናል ማኩ `01:00:5e:00:00:05` ነው፤ የ`224.0.0.5`ም ማክ ያው ነው። ስለዚህ ስኑፒንግ ቢበራም ያ ቻናል መጉረፉን ይቀጥላል።

`239.0.0.x` እና `239.128.0.x` የሚባሉትን ተዉአቸው። በምሳሌያችን ቻናሎቹ ከ`239.30.1.1` እስከ `239.30.1.24` ይሁኑ። አድራሻው የሚቀየረው ሄድኤንዱ ላይ ነው፤ ቦክሶቹም አዲሱን የቻናል ዝርዝር መጫን አለባቸው።

ኩዌሪየሩ የት ይቀመጥ?

ብዙ ሰው «የትም ቢሆን አንድ ይኑር» ብሎ የሚያልፈው ይህ ነው። ቦታው ግን ወሳኝ ነው። ስዊች ጥያቄ የሰማበትን ፖርት «የመልቲካስት ራውተር ያለው በዚህ በኩል ነው» ብሎ ይይዘውና፣ ማንም ባይጠይቅ እንኳ የቻናሎቹን ፍሰት ወደዚያ ይልካል። በዚህም ምክንያት ሙሉው 128 ሜጋቢት ሁልጊዜ ወደ ኩዌሪየሩ ይጓዛል። ሄድኤንዱ የተሰካበት ዋናው ስዊች ራሱ ኩዌሪየር ከሆነ ፍሰቱ የትም መሄድ አይኖርበትም። ኩዌሪየሩ ፎቅ ላይ ከሆነ ግን የዚያ ፎቅ መስመር ሁሉንም ይሸከማል።

በዚህ ሆቴል የደረሰው ይኸው ነው። ስኑፒንግ ተበራ፤ ዋናው ስዊች በ`10.30.0.10` አድራሻ ኩዌሪየር ሆነ፤ ሁሉም ለጊዜው ሰላም ነበር። አንድ ምሽት ሦስተኛ ፎቅ ብቻ መቆራረጥ ጀመረ። የሌሎቹ ፎቆች ምስል ጥርት እንዳለ ነው። በመጀመሪያ የተጠረጠረው የፎቁ ስዊች ነበር፤ አሮጌ ስለሆነ አፕሊንኩ 100 ሜጋቢት ብቻ ነውና። እሱ ግን ለወራት ያለ ችግር ሠርቷል፤ በፎቁ ላይ ስምንቱም ኤችዲ ቻናሎች በአንድ ጊዜ ቢታዩ እንኳ 64 ሜጋቢት ነው።

ዋናው ስዊች ላይ ይህ ተጠየቀ፦

```
show ip igmp snooping querier
```

መልሱ `10.30.0.1`ን እና ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚሄደውን ፖርት አሳየ። የዋናው ስዊች አድራሻ ይህ አይደለም። በ`show mac address-table` ማኩን ተከትሎ እስከ መጨረሻው ፖርት ሲወረድ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትንሽ የቤት ዋይፋይ ራውተር ተገኘ። ሲግናል ደካማ ነው ብሎ አንድ ሰው የሰካው ነው። እንዲህ ያሉ ራውተሮች አንዳንዶቹ የአይፒ ቴሌቪዥን አገልግሎታቸው እንደበራ ስለሚመጡ በራሳቸው ጥያቄ ይልካሉ።

ሁለት ኩዌሪየሮች ሲገናኙ በደንቡ አነስተኛ አይፒ ያለው ያሸንፋል፤ `10.30.0.1` ከ`10.30.0.10` ያንሳል። አንዳንድ ስዊቾች ደግሞ ቁጥር እንኳ ሳያወዳድሩ ሌላ ጠያቂ እንደሰሙ ቦታውን ይለቃሉ። ጥያቄው ስላልተቋረጠ ሌሎቹ ፎቆች ምንም አልተሰማቸውም፤ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ግን 128 ሜጋቢት በ100 ሜጋቢት መስመር ላይ ተጫነ። ራውተሩ ሲነቀል ዋናው ስዊች ወዲያው አልተመለሰም፤ የቀድሞው ኩዌሪየር መጥፋቱን ለማመን በደንቡ 255 ሰከንድ ይጠበቃል። ነቅላችሁ ወዲያው ካልተስተካከለ ተስፋ ቆርጣችሁ ሌላ ነገር አትነካኩ።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ደንብ፦ ኩዌሪየሩ ሄድኤንዱ የተሰካበት ስዊች ይሁን፤ አድራሻውም በዚያ ኔትወርክ ካሉት ሁሉ ያነሰው ይሁን። በ`.1` ላይ ሌላ መሣሪያ ካለ ያንን ወደ ሌላ ቁጥር አዙሩት።

ማዋቀር

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ኩዌሪየሩ ይነሣ፣ ከዚያ በየፎቁ ስኑፒንግ ይበራ። ከተገለበጠ በመካከሉ ያለው ጊዜ እንግዶች ምስል የሚያጡበት ነው።

ቴሌቪዥኑን በራሱ ቪላን ለዩት፤ እዚህ 30 ብለነዋል። ወደ ዋይፋይ መሣሪያዎች በሚሄደው ፖርት ላይ ቪላን 30 አይፈቀድ። ይህ ብቻውን የዋይፋዩን ችግር ይፈታል። የቴሌቪዥኑ ችግር ግን ቪላኑ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ዋናው ስዊች ሲስኮ ካታሊስት ከሆነ እንዲህ ነው፦

```
vlan 30
 name IPTV
interface vlan 30
 ip address 10.30.0.1 255.255.255.0
 no shutdown
 exit
ip igmp snooping
ip igmp snooping querier
ip igmp snooping querier address 10.30.0.1
ip igmp snooping querier version 2
ip igmp snooping querier query-interval 125
```

አድራሻውን በግልጽ መስጠት ይሻላል። አንዳንድ መሣሪያዎች አድራሻ ካልተሰጣቸው ጥያቄውን ከ`0.0.0.0` ይልካሉ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚንቁ ስዊቾችና ቦክሶች አሉ። እርባና ያለው ኩዌሪየር የራሱ አድራሻ ያለው ነው።

ሁለተኛው ስሪት የተመረጠበት ምክንያት አሮጌዎቹ የፎቅ ስዊቾች ናቸው። የሦስተኛው ስሪት መልስ በሌላ ቅርጽ ወደ `224.0.0.22` ስለሚላክ፣ ሁለተኛውን ብቻ የሚያውቅ ስዊች መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ኩዌሪየሩ በሁለተኛው ሲጠይቅ አዲሶቹ ቦክሶችም ወደ ሁለተኛው ወርደው ይመልሳሉ።

ቀጥሎ በየፎቁ ስዊች፣ በድረ ገጹ ወይም በትእዛዝ፣ ለቪላን 30 ስኑፒንግን አብሩ። የፎቁ ስዊች ላይ ኩዌሪየር አታብሩ። ምንም ማዋቀሪያ የሌለው ተራ ስዊች ካለ ስኑፒንግ አያውቅም፤ ከሥሩ ያሉት ቦክሶች የጠየቁትን ሁሉ ለሁሉም ፖርቶቹ ይረጫል። ከሥሩ ሁለት ቴሌቪዥኖች ብቻ ካሉ ችግር የለውም፤ አንድ ሙሉ ፎቅ ከተንጠለጠለበት ግን መቀየር አለበት።

ማንም ያልጠየቀው ቻናል

ሁሉም በርቶ ላፕቶፑን መልሳችሁ ስትሰኩ አሁንም ፓኬት ታያላችሁ እንበል። ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት የትኞቹ ቻናሎች እንደሆኑ ተመልከቱ። ሰው እያያቸው ያሉት ጠፍተው ማንም የማያያቸው ብቻ ከመጡ ስኑፒንጉ ሥራውን እየሠራ ነው። የቀረው ሌላ ነው።

ስዊቹ በመዝገቡ ውስጥ የሌለን መልቲካስት ምን እንደሚያደርግበት የሚወሰነው ለብቻው ባለ ምርጫ ነው። ብዙ አምራቾች «ለሁሉም ስጥ» ብለው ያስቀምጡታል። በዚህ ምክንያት ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል፦ የሚታየው ቻናል በልኩ ይሄዳል፣ የማይታየው ይጎርፋል። በሌሊት ከቀን የበለጠ ጎርፍ የሚኖርበት ምክንያት ይኸው ነው። በየስዊቹ ላይ ያልታወቀ መልቲካስት የሚለውን ምርጫ ፈልጉና ወደ መጣል፣ ወይም ወደ ራውተር ፖርት ብቻ መላክ አዙሩት። ይህን የምታደርጉት ግን ኩዌሪየሩ እንደሚሠራ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ መዝገቡ ሲሰረዝ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ይጠፋል። ይህ ምርጫ በቪላን 30 ላይ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። በእንግዶች ኔትወርክ ላይ ከሆነ ስልክ ቴሌቪዥንን የሚፈልግበት `239.255.255.250` አብሮ ሊቆረጥ ይችላል።

ፍተሻ

አንድ ቴሌቪዥን በ`239.30.1.5` ላይ ክፈቱና አሥር ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ከአምስት ደቂቃ ያነሰ ፍተሻ ምንም አይነግራችሁም። በዚያ መካከል ዋናው ስዊች ላይ ይህን እዩ፦

```
show ip igmp snooping groups
show ip igmp snooping mrouter
```

በመጀመሪያው ላይ ቻናሉ ከሚታይበት ፎቅ ፖርት ጋር መታየት አለበት። ሁለተኛው ዋናው ስዊች ላይ ወደ ፎቅ የሚሄድ ምንም ፖርት ማሳየት የለበትም፤ ካሳየ ከዚያ በኩል ሌላ ጠያቂ አለ። በፎቅ ስዊቾች ላይ ደግሞ የራውተር ፖርቱ አፕሊንኩ ብቻ መሆን አለበት።

ከዚያ ቻናል ቀያይሩ። ቦክሱ ቻናል ሲለቅ ስዊቹ ወዲያው አይቆርጥም። በመጀመሪያ «ሌላ የሚያይ አለ?» ተብሎ በአንድ ሰከንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ ስለዚህ አሮጌው ቻናል ለሁለት ሰከንድ ያህል ከአዲሱ ጋር አብሮ ይፈሳል። በ100 ሜጋቢት ፖርት ላይ ይህ አይሰማም። ወዲያውኑ መቁረጥ የሚባለውን ምርጫ አብሩ የሚሏችሁ ይኖራሉ። በአንድ ፖርት አንድ ቦክስ ብቻ ካለ ይሁን። ሳሎንና መኝታ ቤት ያለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥኖች በትንሽ ስዊች ተጋርተው ከሆነ ግን፣ አባት ዜናውን ትተው ኳስ ሲከፍቱ ልጃቸው የምታየው ዜና ይቆረጣል። አፕሊንክ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይበራም።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባለው ጊዜ ዋናው ስዊችና ሄድኤንዱ እንዳይጠፉ ሁለቱንም አንድ ዩፒኤስ ላይ አድርጉ። ኩዌሪየሩ ጠፍቶ የፎቅ ስዊቾች ብቻ ቢቆዩ መዝገባቸው ይሰረዛል።

ከዚህ የሚረቅቅ አንድ ነገር አለ። በስፓኒንግ ትሪ የሚሠሩ ስዊቾች አንድ ፖርት ሲነሣ «የኔትወርኩ ቅርጽ ተለወጠ» ብለው ያስታውቃሉ። ካታሊስት ይህን ሲሰማ መዝገቡን ስለማያምነው ሁለት ጥያቄ እስኪሰማ ድረስ መልቲካስቱን ለሁሉም ይለቃል። እንግዳ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት በነቀለና በሰካ ቁጥር ይህ ከተደጋገመ፣ መነሻው የማይታወቅ አጭር አጭር መቆራረጥ በየፎቁ ይከሰታል። ስለዚህ የክፍል ፖርቶች ሁሉ እንዲህ ይሁኑ፦

```
interface range GigabitEthernet1/0/5 - 20
 switchport mode access
 switchport access vlan 30
 spanning-tree portfast
```

በዚህ የተዋቀረ ፖርት ሲነሣና ሲወድቅ ለውጥ አያስታውቅም። ሠርቶ እንደሆነ ለማየት `show spanning-tree detail` በሉ፤ ለውጡ ስንት ጊዜ እንደተቆጠረና የመጨረሻው ከየትኛው ፖርት እንደመጣ ይነግራችኋል። ቁጥሩን ማታ ጻፉትና ጠዋት አወዳድሩ፤ ከጨመረ የተጠቀሰውን ፖርት ተከተሉ። ወደ ፎቅ የሚሄዱ አፕሊንኮች ላይ ግን ይህን ትእዛዝ አትስጡ፤ ሁለት ስዊቾች በስህተት በሁለት ገመድ ቢገናኙ የሚያመጣባችሁ ጣጣ ከመልቲካስት ጎርፍ ይብሳል።